ሁለት ፔስ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ለምን አይሠራም? ትክክለኛው አሠራር

ባሕር ዳር ውስጥ ጠዋት ጠዋት ከሚሮጡ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «ሐይቁ ዳር ሜዳ ሜዳውን በ5:30 ፔስ ሮጥኩ። ከዚያ የቤዛዊትን አቀበት በ8:00 ወጣሁ። ሁለቱን ደምሬ ለሁለት ሳካፍለው 6:45 ይመጣል። ስልኬ ግን 6:00 ይላል። ስልኬ ተበላሽቶ ነው እንዴ?»

ስልኩ ምንም አልሆነም። የተሳሳተው ደምሮ ለሁለት ማካፈሉ ነው። ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሰው በየመንገዱ ከምመልስ፣ አሠራሩን ከነምክንያቱ አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልበል። ፔስ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ የሚፈጅባችሁ ጊዜ ነው። 5:30 ሲባል አንዱ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ወሰደ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ፈጠናችሁ፣ ሲበዛ ዘገያችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእያንዳንዱ ክፍል ርቀት በኪሎ ሜትር። ከስልክ አፕ ወይም ከሩጫ ሰዓት ይገኛል።
- የእያንዳንዱ ክፍል ፔስ፣ ወይም ክፍሉ የፈጀው ጊዜ። ከሁለቱ አንዱ ካለ ይበቃል።
- ካልኩሌተር። የስልኩ ይበቃል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። በቃል ለመያዝ መሞከር ነው ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያሳስተው።

ስህተቱ የት ላይ ነው?

5:30ን እና 8:00ን ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ፣ ሳታስቡት አንድ ነገር ወስናችኋል። በ5:30 የሮጣችሁት ርቀትና በ8:00 የሮጣችሁት ርቀት እኩል ነው ብላችኋል። ለሁለት ማካፈል ማለት ለእያንዳንዱ ግማሽ ድርሻ መስጠት ነውና።

አሁን የሮጣችሁትን ተመልከቱ። ሜዳው 8 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፣ አቀበቱ 2። (ርቀቶቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። እናንተ የራሳችሁን አስገቡ።) ከአሥሩ ኪሎ ሜትር ስምንቱን የሮጣችሁት በ5:30 ነው። በ8:00 የሄዳችሁት ሁለቱን ብቻ ነው። ታዲያ ሁለቱ ኪሎ ሜትር ከስምንቱ እኩል ድርሻ የሚያገኝበት ምን ምክንያት አለ?

ዓሣ ስትገዙ እንዲህ አታሰሉም። ስምንት ኪሎ ቆሮሶ በአንድ ዋጋ፣ ሁለት ኪሎ አምባዛ በሌላ ዋጋ ብትገዙ፣ ኪሎው በአማካይ ስንት እንደወጣባችሁ ለማወቅ የከፈላችሁትን ብር በሙሉ ደምራችሁ ለአሥር ኪሎ ታካፍላላችሁ። ሁለቱን ዋጋ ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ነጋዴ የለም። ፔስም ያው የኪሎ ሜትር ዋጋ ነው፤ የሚከፈለው በደቂቃ ነው።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦

```
አማካይ ፔስ = ጠቅላላ ጊዜ ÷ ጠቅላላ ርቀት
```

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ሩጫውን በክፍል ለዩ፤ የእያንዳንዱን ርቀት ጻፉ።

ፔሱ በደንብ የተለወጠበትን ቦታ መለያ አድርጉት። በምሳሌያችን ሜዳው አንድ ክፍል፣ አቀበቱ ሌላ ክፍል ነው።

- ሜዳ፦ 8 ኪሎ ሜትር፣ ፔስ 5:30
- አቀበት፦ 2 ኪሎ ሜትር፣ ፔስ 8:00

ርቀቱን ከፔሱ በፊት የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ደምሮ የሚያካፍል ሰው የሚረሳው ርቀቱን ነው። ወረቀቱ ላይ ፊት ለፊት ካያችሁት፣ 8 እና 2 እኩል እንዳልሆኑ ዓይናችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

2. ፔሱን ወደ ሴኮንድ ቀይሩ።

ደቂቃውን በ60 አባዙና ሴኮንዱን ጨምሩበት።

- 5:30 → 5 × 60 + 30 = 330 ሴኮንድ
- 8:00 → 8 × 60 = 480 ሴኮንድ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። 5:30ን ካልኩሌተር ላይ 5.30 ብላችሁ ከጻፋችሁ ነገሩ ተበላሸ። ካልኩሌተሩ 5.30ን የሚረዳው አምስት ደቂቃና የአንድ ደቂቃ ሠላሳ መቶኛ አድርጎ ነው። ያ ደግሞ 5 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ ነው። 5 ደቂቃ ተኩል ለማለት 5.5 ብላችሁ ነበር መጻፍ የነበረባችሁ። ወደ ሴኮንድ ከቀየራችሁ ግን ይህ ጣጣ ከነጭራሹ አይነሳም።

3. ለእያንዳንዱ ክፍል ርቀቱን በፔሱ አባዙ።

- ሜዳ፦ 8 × 330 = 2640 ሴኮንድ (44 ደቂቃ)
- አቀበት፦ 2 × 480 = 960 ሴኮንድ (16 ደቂቃ)

የሙሉ ሥራው እምብርት እዚህ ነው። ፔስ ብቻውን ምን ያህል እንደሮጣችሁ አያውቅም። በርቀት ስታባዙት ነው ወደ እውነተኛ ጊዜ የሚለወጠው። ሁለት ፔስ አይደመርም፤ ሁለት ጊዜ ግን ይደመራል። አርባ አራት ደቂቃ ሮጣችሁ ሌላ 16 ደቂቃ ብትጨምሩ፣ እግራችሁም ሰዓታችሁም አንድ ሰዓት እንደሞላ ይስማማሉ።

የእያንዳንዱን ክፍል ጊዜ ከሰዓታችሁ ላይ ካገኛችሁት ደረጃ 2 እና 3 አያስፈልጓችሁም። በቀጥታ ወደ 4 እለፉ።

4. ጊዜውን ለብቻ፣ ርቀቱን ለብቻ ደምሩ።

- ጠቅላላ ጊዜ፦ 2640 + 960 = 3600 ሴኮንድ
- ጠቅላላ ርቀት፦ 8 + 2 = 10 ኪሎ ሜትር

5. ጠቅላላ ጊዜውን ለጠቅላላ ርቀቱ አካፍሉ።

3600 ÷ 10 = 360 ሴኮንድ ለአንድ ኪሎ ሜትር።

እዚህ ላይ የሚካፈለው ለ10 ነው፤ ለክፍሎቹ ብዛት (ለ2) አይደለም። እጅ በልማድ ወደ 2 ይሄዳል፤ ተጠንቀቁ።

6. መልሱን ወደ ደቂቃና ሴኮንድ መልሱ።

360 ÷ 60 = 6። ትርፍ የለውም፤ ስለዚህ 6:00 ነው። ስልኩ ያለውም ይህንኑ ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ እቅጩን አይመጣም። ለምሳሌ 342 ሴኮንድ ቢወጣላችሁ፣ 342 ÷ 60 ስትሉ ካልኩሌተሩ 5.7 ይላል። ይህ 5:70 አይደለም፤ 5:07ም አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 አባዙት፦ 0.7 × 60 = 42። መልሱ 5:42 ነው።

7. መልሱን ፈትሹ።

መፈተሻው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ደቂቃ አይፈጁም።

አንደኛው፣ መልሱ በሁለቱ ፔሶች መካከል መውደቅ አለበት፤ ረጅም ርቀት ወደሮጣችሁበት ፔስም መቅረብ አለበት። 6:00 ከ8:00 ይልቅ ለ5:30 ይቀርባል፤ የሜዳው ርቀት ስለሚበልጥ ልክ ነው። 6:45 ግን መሐል ለመሐል የተቀመጠ ነው። ርቀቱ እኩል ሳይሆን መልሱ መሐል ላይ ካረፈ፣ ወዲያው ጠርጥሩ።

ሁለተኛው፣ መልሱን በጠቅላላ ርቀቱ አባዙና ከሰዓታችሁ ጋር አስተያዩት። 6:00 በ10 ኪሎ ሜትር 60 ደቂቃ ነው። 6:45 በ10 ኪሎ ሜትር ደግሞ 67 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። የሮጣችሁት አንድ ሰዓት ሆኖ ሳለ ስሌቱ 7 ደቂቃ ተኩል ከየት አመጣው? ያልሮጣችሁትን ጊዜ የሚጨምር አማካይ አማካይ አይደለም።

ያለ ካልኩሌተር በመንገድ ላይ

ልዩነቱን ብቻ ይዞ ማስላትም ይቻላል። ብዙ ርቀት ከሮጣችሁበት ፔስ ተነሱ፦ 5:30። ከሌላው ጋር ያለው ልዩነት 2 ደቂቃ ተኩል ነው፤ 150 ሴኮንድ። ከአሥሩ ኪሎ ሜትር በዝግታ የሄዳችሁት ሁለቱን፣ ማለትም አንድ አምስተኛውን ነው። የ150 አንድ አምስተኛ 30 ነው። 5:30 ላይ 30 ሴኮንድ ጨምሩ፤ 6:00። አቀበቱ ላይ እያለከለካችሁም ቢሆን ይህን ትችላላችሁ። ቁጥሩን ከስልክ ላይ የምታነቡ ከሆነ ግን ቁሙና አንብቡ፤ ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ፔሳችሁን አያውቅም።

ሳይታወቅ የሚያሳስተው የመጨረሻ ላፕ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአቀበት ብቻ አይደለም። አፑ በየኪሎ ሜትሩ ላፕ ይመዘግባል፤ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ሙሉ ያልሆነ ቁራጭ ይተርፋል። ዝርዝሩ ላይ ሁሉም መስመር እኩል ስለሚመስል ሰው ሁሉንም ደምሮ በመስመሮቹ ብዛት ያካፍላል። ይህን ተመልከቱ፦

- 1ኛ ኪሎ ሜትር፦ 5:40
- 2ኛ፦ 5:45
- 3ኛ፦ 5:50
- 4ኛ፦ 5:42
- 5ኛ፦ 5:48
- የመጨረሻው 0.3 ኪሎ ሜትር፦ ፔስ 4:50

መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ይጋልባል፤ ስለዚህ ቁራጩ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣኑ ነው። ስድስቱን ፔስ ደምራችሁ ለ6 ብታካፍሉ 5:36 ገደማ ይመጣል። ያስደስታል፤ ግን እውነት አይደለም።

በአሠራራችን እንሂድ። አምስቱ ሙሉ ኪሎ ሜትሮች ሲደመሩ 28:45 ናቸው፤ በሴኮንድ 1725። ቁራጩ 4:50 ፔስ አለው፤ 290 ሴኮንድ ማለት ነው። ነገር ግን የተሮጠው 0.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ 0.3 × 290 = 87 ሴኮንድ ነው የፈጀው። ጠቅላላው 1725 + 87 = 1812 ሴኮንድ። ርቀቱ 5.3 ኪሎ ሜትር። 1812 ÷ 5.3 ወደ 342 ሴኮንድ ይጠጋል፤ 5:42።

ልዩነቱ በኪሎ ሜትር 6 ሴኮንድ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በየሳምንቱ የተሻሻላችሁ መሆን አለመሆኑን የምትለኩት በእንዲህ ዓይነት ጥቂት ሴኮንዶች ነው። ሦስት መቶ ሜትር ብቻ መጋለብ መላውን ሩጫ ያሳመረላችሁ ሲመስላችሁ፣ ይህንን ቁራጭ ነው መጀመሪያ የምትመለከቱት።

ደምሮ ማካፈል የሚሠራበት አንድ ሁኔታ

ርቀቶቹ እኩል ከሆኑ ይሠራል። 5 ኪሎ ሜትር በ5:30 ሄዳችሁ፣ በዚያው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር በ6:30 ተመለሳችሁ እንበል። መሄጃው 27:30፣ መመለሻው 32:30፤ ድምሩ 60 ደቂቃ፣ ርቀቱ 10። አማካዩ 6:00። ደምሮ ለሁለት ማካፈልም ያንኑ 6:00 ይሰጣል። ሰው ዘዴውን የሚያምነው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። በሄደበት መንገድ በሚመለስ ሰው ላይ ሁሌ ልክ ይመጣል፤ ከዚያ መንገዱ ሲለወጥ ይከዳዋል።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው ጊዜው እኩል የሆነበት ሩጫ ነው። «20 ደቂቃ በ5:00 ሮጬ፣ 20 ደቂቃ በ8:00 ሶምሶማ ወረድኩ። ግማሽ በግማሽ ነው፤ ስለዚህ 6:30 ነው» ይባላል። አይደለም። ግማሽ በግማሽ የሆነው ጊዜው ነው እንጂ ርቀቱ አይደለም። በ5:00 ፔስ 20 ደቂቃ 4 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በ8:00 ፔስ ደግሞ 2.5 ኪሎ ሜትር ብቻ። ጠቅላላው 6.5 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ፤ 2400 ÷ 6.5 ወደ 369 ሴኮንድ ነው፤ 6:09። ፈጥናችሁ በሮጣችሁበት ጊዜ ብዙ መንገድ ስለበላችሁ፣ ፈጣኑ ፔስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይዟል። ስለዚህ አማካዩን ወደ ራሱ ይስበዋል። በሰዓት እየለካችሁ ሩጫና እርምጃ የምታፈራርቁ ጀማሪዎች፣ ይህኛው በተለይ ለእናንተ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የብስክሌት ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ስለሆነች ይህም ይጠየቃል። የብስክሌት አፕ የሚያሳየው ፔስ ሳይሆን በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ነው። ነገሩ እዚህ ይገለበጣል። 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት 20 እየጋለባችሁ ሄዳችሁ፤ ስትመለሱ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆኖ በሰዓት 12 ብቻ ተመለሳችሁ እንበል። ርቀቱ እኩል ነው። ሆኖም ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ የሚመጣው 16 ስህተት ነው። መሄጃው 36 ደቂቃ፣ መመለሻው 60 ደቂቃ ፈጀ። 24 ኪሎ ሜትር በ96 ደቂቃ፣ ማለትም በ1.6 ሰዓት፦ 24 ÷ 1.6 = 15።

ምክንያቱ ቁጥሩ ስር ያለው ነገር ነው። ፔስ «በአንድ ኪሎ ሜትር» የሚባል ልኬት ስለሆነ ድርሻ የሚሰጠው በኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት የሚለካ ፍጥነት ግን ድርሻ የሚሰጠው በጊዜ ነው። ስለዚህ ፍጥነትን ደምሮ ማካፈል ልክ የሚሆነው ጊዜው እኩል ሲሆን ነው። ይህን ሁሉ ማስታወስ ካስቸገራችሁ ተዉት። ጠቅላላ ጊዜና ጠቅላላ ርቀት ከያዛችሁ በሁለቱም በኩል አትሳሳቱም።

ወደ ፊት ማቀድ፦ ሜዳውን በስንት ልሩጥ?

አሠራሩ ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ይመስለኛል። ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር በ58 ደቂቃ መጨረስ ፈለጋችሁ እንበል። አቀበቱን ከ8:00 በፍጥነት መውጣት እንደማትችሉ ታውቃላችሁ። ሜዳውን በስንት መሮጥ አለባችሁ?

1. ከጠቅላላው ጊዜ ተነሱ፦ 58 ደቂቃ።
2. አቀበቱ የሚወስደውን ቀንሱ፦ 2 × 8 = 16 ደቂቃ። 58 − 16 = 42 ደቂቃ ይቀራል።
3. የቀረውን ጊዜ ለቀረው ርቀት አካፍሉ፦ 42 ÷ 8 = 5.25 ደቂቃ። 0.25 × 60 = 15 ስለሆነ 5:15።

ከነበራችሁበት 5:30 በኪሎ ሜትር 15 ሴኮንድ ብቻ መቀነስ ነው። ይቻላል።

ደምሮ ለሁለት በሚያካፍለው ዘዴ ብታቅዱ ግን ጉድ ይፈላል። የምትፈልጉት አማካይ 5:48 ነው። ከ8:00 ጋር ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 5:48 የሚሰጠው ፔስ 3:36 ነው። ሜዳውን በ5:30 ለሚሮጥ ሰው 8 ኪሎ ሜትር በ3:36 ሩጥ ማለት ዕቅዱን ቅደድና ጣል እንደማለት ነው። ለዕቅድ ስታሰሉ እንዲህ ያለ የማይሆን ቁጥር ብቅ ካለ፣ ጉልበታችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት ለስንት እንዳካፈላችሁ ተመልከቱ።

ተደጋጋሚ ስህተቶችና ማስጠንቀቂያዎች

በእኛ ሰዓት ስትቀንሱ 12ን መሻገር። አፕ ሳትከፍቱ በግድግዳ ወይም በእጅ ሰዓት ብቻ የምትሮጡ ከሆነ፣ የጠዋት ሩጫ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓትን አልፎ 1 ሰዓት ውስጥ ይገባል። ከጠዋቱ 12:25 ተነስታችሁ 1:20 ብትገቡ፣ ከ1:20 ላይ 12:25 መቀነስ አይሄድም። 1:20ን 13:20 አድርጉት። ከዚያ 13:20 − 12:25 = 55 ደቂቃ። ሲቀነስም አንዱ ሰዓት 60 ደቂቃ እንጂ 100 እንዳልሆነ አትርሱ፤ በካልኩሌተር 13.20 − 12.25 ብላችሁ 0.95 አግኝታችሁ 95 ደቂቃ ሮጥኩ እንዳትሉ።

የቆማችሁበትን ጊዜ አንዴ አስገብቶ አንዴ መተው። ውኃ ለመጠጣት 4 ደቂቃ ከቆማችሁ፣ የምሳሌያችን ሩጫ ጠቅላላ ጊዜው 64 ደቂቃ ይሆናል፤ አማካዩም 6:24። ብዙ አፖች ስትቆሙ ራሳቸው ስለሚያቆሙ ግን 6:00 ያሳያሉ። ሁለቱም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። የእግራችሁን አቅም ለማየት ከፈለጋችሁ የተንቀሳቀሳችሁበትን ጊዜ ብቻ ውሰዱ። ለውድድር የምትዘጋጁ ከሆነ ግን የቆማችሁበትንም አስገቡ፤ የውድድር ሰዓት ውኃ ስትጠጡ አይጠብቅም። አንዱን ምረጡና ሳምንቱን ሙሉ በዚያው ጽኑ።

ርቀቱን ከሁለት ቦታ መውሰድ። አንዱን ክፍል ከስልክ፣ ሌላውን ከጓደኛ ሰዓት ወይም «ይህ መንገድ 10 ነው» ከሚል ወሬ አትውሰዱ። ጂፒኤስ ዛፍ ሲበዛና መንገዱ ሲጠማዘዝ ርቀቱን ትንሽ ሊያሳስት ይችላል። ያንኑ 60 ደቂቃ ለ10 ብታካፍሉ 6:00 ነው፤ ለ9.8 ብታካፍሉ 6:07። በሩጫው ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ርቀቱን የነገራችሁ ዕቃ ነው።

አንድ ሴኮንድ ልዩነት አያስጨንቃችሁ። አፑ የእያንዳንዱን ላፕ ፔስ ወደ ሙሉ ሴኮንድ አጠጋግቶ ነው የሚያሳያችሁ። በእጅ ስታሰሉት በአንድ ሴኮንድ ቢለይ የመጠጋጋቱ ነው። ከአራት አምስት ሴኮንድ በላይ ከተለየ ግን የሆነ ክፍል ርቀቱ ተረስቷል፣ ወይም የቆማችሁበት ጊዜ ገብቷል።

አማካዩ አቀበቱን ይደብቃል። 6:00 አማካይ ያለው ሰው 6:00 ፔስ ላይ አንድም ኪሎ ሜትር ላይሮጥ ይችላል፤ በምሳሌያችን አንድም አልተሮጠም። ስለዚህ የቤዛዊትን ሩጫ አማካይ ሜዳ ብቻ ከሮጠ ጓደኛችሁ አማካይ ጋር አታወዳድሩት። ሜዳውን ከሜዳ፣ አቀበቱን ከአቀበት።

በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ ለምትመዘግቡ

በ A አምድ ርቀቱን፣ በ B አምድ ፔሱን አስገቡ። ከሁለተኛው ረድፍ ጀምራችሁ ሁለት ክፍል ካላችሁ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=SUMPRODUCT(A2:A3,B2:B3)/SUM(A2:A3)
```

ከ `/` በፊት ያለው እያንዳንዱን ርቀት በፔሱ አባዝቶ ይደምራል፤ ጠቅላላ ጊዜውን ያወጣል ማለት ነው። ከ `/` በኋላ ያለው ርቀቱን ይደምራል። ክፍሎቹ ሲበዙ 3 የሚለውን ቁጥር በመጨረሻው ረድፍ ቁጥር ቀይሩት። `AVERAGE` የሚለውን ቀመር B አምድ ላይ አትጠቀሙበት፤ እሱ ያው ደምሮ በብዛት የሚያካፍለው ነው።

ፔሱን ስታስገቡ `5:30` ብላችሁ አትጻፉ። ፕሮግራሙ 5 ሰዓት ከ30 ደቂቃ አድርጎ ይወስደዋል። `0:05:30` ብላችሁ ጻፉ። መልሱ `0.004166667` የሚመስል ግራ የሚያጋባ ቁጥር ሆኖ ከመጣ አትደንግጡ። ፕሮግራሙ ጊዜን የሚይዘው የአንድ ቀን ክፋይ አድርጎ ነው፤ ያ ቁጥር 6 ደቂቃ ማለት ነው። የሴሉን ፎርማት ወደ `mm:ss` ስትቀይሩት `06:00` ሆኖ ይታያል።